እጄን ኪሴ ከትቼ የለቀቅኩት ሥራ

የመልቀቂያ ደብዳቤዬን የተየበልኝ ሰውዬ ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ፣ በቆርቆሮ በተከለለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፍ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የፍቺ፣ የውርስና የአጥር ግፊያ ክስ ሲጽፍ ስለኖረ፣ የእኔን ረቂቅ አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጉዳዩ እንደማያዋጣ ባለጉዳይ አየኝ።

«ሲስተር፣ ይሄ ደብዳቤ አይሆንም» አለኝ።

«ምኑ ነው የማይሆነው?»

«አንደኛ ‹ለከፍተኛ ትምህርት› ብለሽ ጽፈሻል። መልቀቂያ ላይ እውነተኛው ምክንያት አይጻፍም። ‹ባጋጠመኝ የግል ችግር› ይባልና ይታለፋል። ሁለተኛ ‹አሳውቃለሁ› ብለሻል። ‹በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ› ነው የሚባለው። ሦስተኛ ደግሞ የምን ምስጋና ነው ይሄ ሁሉ? የሚለቅ ሰው እንዲህ ካመሰገነ፣ ታዲያ ለምን ትሄዳለች ይሉሻል።»

«የግል ችግር የለብኝም» አልኩት። «ልመናም የለብኝም። እንደጻፍኩት ተይብልኝ።»

ትከሻውን ነቀነቀና መተየብ ጀመረ። ምስጋናው ላይ ሲደርስ ግን አላስቻለውም፤ «‹ለሆስፒታሉ ማኔጅመንት› የሚል ቢጨመር ይሻላል» አለ። የእኔ ምስጋና ልጆቻቸውን ላስረከቡኝ እናቶች፣ በዝናብ ቀን ወለሉን በቀን አራት ጊዜ ለምትወለውለው የጽዳት ሠራተኛ፣ አብረውኝ ለሚሠሩ ነርሶች ነበር። አንድም አለቃ አልነበረበትም። ሰውዬው መተየቡን አቁሞ ስለጠበቀኝ፣ ጥርሴን ነክሼ አንድ መስመር አስጨመርኩ፦ «የመጀመሪያውን ደም ሥር እንዳገኝ ላስተማሩኝ ማትሮን።» ማትሮን የምንላቸው የሆስፒታሉ ነርሶች ሁሉ ኃላፊ ናቸው። መስመሩን ያስጨመርኩት ለወጉ ያህል ነበር።

ሥራዬ ከዚያ ብዙም በማይርቅ የመንግሥት ሆስፒታል፣ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። በዲፕሎማ ገብቼ፣ በማታ ተምሬ ዲግሪዬን ይዤ፣ የክፍሉ ኃላፊ ነርስ ሆኜ ነበር። ከዚያ በላይ መማር ፈለግሁ። ሁለት ዓመት በተከታታይ የትምህርት ፈቃድ ጠየቅሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ የመጣልኝ መልስ አንድ ነው፦ «ለክፍሉ እጅግ አስፈላጊ በመሆኗ ጥያቄዋ ለጊዜው ተቀባይነት አላገኘም።» እጅግ አስፈላጊ ያልሆኑት ሁለት ባልደረቦቼ ፈቃድ አግኝተው፣ ተምረው ተመልሰው አለቆቼ ሆኑ። በሦስተኛው ዓመት ማንንም ሳላስፈቅድ ለማስተርስ ተፈተንኩ፤ አለፍኩ። ፈቃድ አልጠይቅም፤ እለቃለሁ አልኩ።

መልቀቅ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጥና ይሄዳል። ግን አንድ መያዣ አለው፦ ሠራተኛው በቀላሉ የማይተካ ነው ብሎ መሥሪያ ቤቱ ካመነ እስከ ሦስት ወር ሊያቆየው ይችላል። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ሲመዘግበኝ ዋናውን መልቀቂያ አምጪ ብሎኛል፤ ምዝገባው ሊደርስ የቀረው አምስት ሳምንት ነው። አንድ ወር ከሆነ እደርሳለሁ። ሦስት ወር ከሆነ ቦታዬ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ስለዚህ ከደብዳቤዬ ጋር ስድስት ገጽ የርክክብ ዕቅድ አያያዝኩ። ሌላው ሰው መልቀቂያ ሲያስገባ ምን ያህል እንደደከመ ይዘረዝራል፤ እኔ ደግሞ እንዴት እንደምተካ ዘረዘርኩ። በየሳምንቱ ለማን ምን እንደማስረክብ ጻፍኩ። የመድኃኒት ቁም ሣጥኑን ቁልፍና በቁጥር የሚያዙትን መድኃኒቶች ማን እንደሚረከብ፣ የፈረቃ ፕሮግራሙን ማን እንደሚያወጣ፣ የትኛው የሕፃን ማሞቂያ በግራ በኩል እንደማያሞቅና ለየትኛው ሕፃን እንደማይሆን፣ ኦክስጅን ሳያልቅ ስንት ሰዓት ቀድሞ ማዘዝ እንደሚያስፈልግ ጻፍኩ። በማንኛውም መዝገብ ላይ የሌለ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ብቻ የነበረ ነገር ሁሉ እዚያ ወረቀት ላይ ወጣ። ስድስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ግን እስክሪብቶዬ ቆመ።

ስድስተኛው ገጽ ስለ ደም ሥር ነበር።

ይሄን ሳልደብቅ ልናገር። ቀኑ ሳይሞላ የተወለደ ሕፃን ክንድ ከአዋቂ አውራ ጣት ብዙም አይወፍርም። ግሉኮስና መድኃኒት የሚገባበትን ቢጫዋን ካኑላ፣ ከሁሉም የምታንሰውን መርፌ ማለት ነው፣ እዚያ ክንድ ውስጥ የምታስገባ በእኛ ሆስፒታል እኔ ነበርኩ። ሌሎቹም ይሞክራሉ፤ ሲስቱ «ሲስተርን ጥሯት» ይባላል። እረፍት በወጣሁበት ቀን ሰንጋ ተራ ድረስ፣ ያን ጊዜ ገና ያልፈረሰው የቀበሌ ቤታችን ድረስ ጥበቃ ተልኮ ተጠርቻለሁ። ሞባይል ከመጣ ወዲህማ ቅዳሜ የለኝም፣ እሑድ የለኝም። እማረር ነበር። ውስጤ ግን ደስ ይለው ነበር።

ከዚህም የከፋ ነገር አለ። ባልደረቦቼ «እንዴት ነው የምታገኚው?» ሲሉኝ «እጅ ነው» እላቸው ነበር። እጅ አልነበረም። ኪሴ ውስጥ የምትኖር ትንሽ የእጅ ባትሪ ነበረች። የሕፃኑን መዳፍ ወይም እግር ከሥር ቀስ ብለው ሲያበሩበት ቆዳው ቀይ ይሆንና ደም ሥሩ እንደ ጥቁር ክር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ይህን በራሴ ነው የደረስኩበት። ወደ ሕፃኑ ጎንበስ ብዬ፣ ጀርባዬን ለሰው ሰጥቼ፣ ባትሪዋን በመዳፌ ሸፍኜ አበራለሁ፤ ከዚያ አጥፍቼ እወጋለሁ። ሌላ ነርስ ስትሞክር አይቼ እጇ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ «ተይው፣ ስጪኝ» ብዬ ካኑላውን እቀማታለሁ። የማልተካ መሆኔን ማንም አላወጀብኝም፤ ራሴ ነኝ ያወጅኩት። ያ ነው አሁን ዞሮ ሦስት ወር ሊያስረኝ የመጣው።

ስድስተኛውን ገጽ ጻፍኩት። ባትሪዋንም ጻፍኳት።

ደብዳቤውን በሦስት ቅጂ ይዤ መዝገብ ቤት ሄድኩ፤ አንዱ ለሰው ኃይል አስተዳደር፣ አንዱ ግልባጭ ለማትሮን፣ አንዱ ለእኔ። መዝገብ ቤት የሚሠሩት አዛውንት ርዕሱን ካነበቡ በኋላ ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ጥግ ላይ ቀስ አድርገው አስቀመጡት።

«ተይውና ነገ ብቅ በይ ልጄ» አሉኝ።

እዚያ ጠረጴዛ ጥግ ላይ የሚያድር ደብዳቤ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። የተሰጠበት ቀን የሚቆጠረው ማኅተም ካረፈበት ጀምሮ ነው፤ ማኅተም ካላረፈበት አልሰጠሁም ማለት ነው።

«የእኔ ቅጂ ላይ ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን ጽፈው ማኅተም ያድርጉልኝ» አልኳቸው።

«ማትሮኗ ሳያውቁ?»

«ግልባጩ የሳቸው ነው፤ ያውቃሉ።»

«ነገ ነይ አልኩሽ እኮ።»

«እሺ» ብዬ በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ፈረቃዬ ከሰዓት ስለነበር ጊዜ ነበረኝ። ምሳዬን በዕቃ ይዤ ነበር፤ ስድስት ሰዓት ሲሆን ከፈትኩና እዚያው መብላት ጀመርኩ። እሳቸውንም «እንብላ» አልኳቸው። ባለጉዳይ ሲገባ ሲወጣ «ሲስተር፣ ምን ሆነሽ ነው?» ይለኛል። «መልቀቂያዬ እስኪመዘገብ እየጠበቅሁ ነው» እላለሁ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ። አራተኛው ሰው ሲጠይቀኝ አዛውንቱ ማኅተሙን አነሡ።

«ዓይንሽን በጨው አጥበሻል» አሉኝ፣ ቅጂዬን እየሰጡኝ። «የዛሬ ስንት ዓመት የልጅ ልጄ አንቺ ጋ ባይተኛ ኖሮ አላደርገውም ነበር።»

ሕፃኑን አላስታወስኩትም። ደህና እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ ትምህርት ቤት ገብቷል አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን ማትሮኗ አስጠሩኝ። ሃምሳዎቹን የተሻገሩ፣ ካፖርታቸው የማይጨማደድ፣ ሲቆጡ ድምፃቸው የሚቀንስ ሴት ናቸው። እኔ ስቀጠር የጨቅላ ክፍሉ ኃላፊ እሳቸው ነበሩ። የመጀመሪያ ቀኔን አልረሳውም። ካኑላ አሲዘውኝ፣ ደም ሥሩን ስፈልግ፣ እሳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው ያዩኝ ነበር። አልረዱኝም። ጨካኝ ናቸው አልኩ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲሁ እንዳልኩ ነበርኩ።

ፊታቸው ላይ ከሰው ኃይል የተላከ ወረቀት ነበር። ሠራተኛዋ በቀላሉ ልትተካ ትችል እንደሆነ አስተያየትዎን ይስጡን ይላል። ቁጭ በይ አላሉኝም።

«ምን ብዬ ልጻፍ?» አሉኝ።

«እውነቱን።»

«እውነቱ የማትተኪ መሆንሽ ነው።»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከእሳቸው አፍ ልሰማው የጓጓሁት ቃል ነበር። በዚያ ቀን በር እንደተቆለፈብኝ ሆኖ ተሰማኝ።

«ሦስት ወር ከያዙኝ ትምህርቱ ያልፈኛል» አልኳቸው።

«በሚቀጥለው ዓመት ታመለክቻለሽ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ በሚቀጥለው ዓመት ብላችሁኛል። ማትሮን፣ መያዝ መብትዎ ነው። ከያዙኝ እሠራለሁ፤ አንድ ቀን አላረፍድም። ግን ሦስተኛው ወር ያለቀ ቀን ጠዋት እሄዳለሁ። ትምህርት ቢኖርም ባይኖርም እሄዳለሁ። እዚህ አስቀምጦ የሚያስረጀኝ አስፈላጊነት አልፈልግም።»

እጄን ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። እሳቸው ስድስቱን ገጽ ገለጡ። ቀስ ብለው አነበቡ፤ መጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝና እንደገና ወደ ወረቀቱ ተመለሱ።

«ጥሩ ጽሑፍ ነው» አሉ። «ግን ጽሑፍ ነው። ደም ሥር ወረቀት ላይ አይገኝም።»

«ሁለት ሳምንት ይስጡኝ። ከዚያ መጥተው ይዩ። ክፍሉ ያለ እኔ እጅ ካልሠራ ‹አትተካም› ብለው ይጻፉ፤ አልከራከርም።»

«መቼ እንደምመጣ አልነግርሽም» አሉኝ።

ተረካቢዬ ከኮምቦልቻ የመጣች፣ ሻሿን ወደ ኋላ ጠበቅ አድርጋ የምታስር፣ አምስት ዓመት አብራኝ የሠራች ነርስ ነበረች። ረጋ ያለች፣ ከሕፃናቱ ጋር እያወራች የምትሠራ ልጅ ናት። ቁልፉን፣ መዝገቡን፣ ፈረቃውን ሁሉ በሦስት ቀን ተረከበችኝ። በአራተኛው ቀን ባትሪዋን ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋት።

የአንድ ሕፃን መዳፍ ከሥር አበራሁ። ደም ሥሩ ወጣ። ጎንበስ ብላ አየችው፤ ከዚያ ኪሴን አየች።

«አምስት ዓመት ሙሉ ይቺ ኪስሽ ውስጥ ነበረች?»

«ነበረች።»

«እኔ ስስት፣ ሕፃኑ ሲጮህ፣ ‹እጅ ነው› ትዪኝ ነበር። እጅ የለኝም ብዬ ክፍል ልቀይር ማመልከቻ ጽፌ ነበር፤ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም ነበር። ያን ቀን ከዚያ በኋላ አላናገረችኝም። እውነት ለመናገር ማትሮኗ ፊት ያልደነገጥኩትን እሷ ፊት ደነገጥኩ። በበነጋው መጥታ መዳፏን ዘረጋችልኝ፤ ባትሪዋን አስቀመጥኩላት። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። «መጀመሪያ አስተምሪኝ፤ ይቅርታውን በኋላ አስብበታለሁ» አለች።

ዕቅዱ ላይ አንድ ሕግ ጽፌ ነበር፦ አንድ ነርስ ሁለት ጊዜ ብቻ ትሞክራለች፤ ሁለቴ ከሳተች ሌላ ሰው ይገባል። እኔ ደግሞ ለራሴ ሌላ ሕግ ጨመርኩ። እሷ ስትሞክር ሁለቱም እጆቼ ኪሴ ውስጥ ይሆናሉ። ይህን ያልሞከረ ሰው ቀላል ይመስለዋል። አንዳንድ ጊዜ እጄ ራሱ ከኪሴ እየወጣ፣ መልሼ እየከተትኩት፣ ላብ በላብ እሆን ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ከገባው የሳተው በለጠ። በሁለተኛው ሳምንት ተመጣጠነ።

ማትሮኗ የመጡት ሐሙስ ጠዋት ነው። የአራት ቀን ሕፃን ነበር፤ ከጊዜው ቀድሞ የተወለደ። የነበረው የግሉኮስ መስመር ተዘግቶ እጁ ስላበጠ ነቅለነዋል፤ አዲስ ያስፈልገዋል። እናቱ ልደታ ማርያም በር ላይ ጧፍ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ከአጠገቡ አልነቃነቅ ብላ ቆማለች። ተረካቢዬ ዕቃውን ስታዘጋጅ፣ እናትየው እኔን ክንዴን ያዘችኝ።

«እጅ ያላት አንቺ ነሽ ይሉኛል። በማርያም፣ አንቺ አድርጊልኝ።»

«እሷ ጎበዝ ናት» አልኳት። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

የመጀመሪያው ገባ መሰለ። ደም ታየ፤ ወዲያው ደም ሥሩ ፈንድቶ ቆዳው አበጠ። ተረካቢዬ ካኑላውን አውጥታ በጥጥ ተጫነችው። ሕፃኑ አለቀሰ፣ እናቱ አብራ አለቀሰች። ቀና ስል ማትሮኗ በሩ ላይ ቆመዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ አላውቅም።

«ሲስተር» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አንቺ ግቢበት።»

«ሕጋችን ሁለት ጊዜ ነው፤ አንድ ይቀራታል።»

«እዚያ የተኛው ሕፃን ነው፤ ዕቅድሽ አይደለም።»

«ሕፃኑን አይቼዋለሁ። ስኳሩን አሁን ለካነው፣ ደህና ነው። ሙቀቱም አልወረደም። ጊዜ አለን። ጊዜ ባይኖረን ኖሮ እርስዎ ሳይነግሩኝ እገባ ነበር።»

ይህን ስል ጥፍሮቼ መዳፌ ውስጥ ገብተዋል። ከሳተች ሦስቱን ወር መያዜ ነው፤ ትምህርቴም መቅረቱ ነው። አንድ እርምጃ ብራመድና ካኑላውን ብቀማት በአንድ ደቂቃ ውስጥ አስገባው ነበር። ያኔ ደግሞ ማትሮኗ የሚጽፉት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ትክክልም ይሆናሉ። እናትየው እንደከሃዲ አየችኝ። እውነቴን ነው የምለው፣ በዚያች ሰዓት ራሴን ጠላሁት፤ ግን አልተንቀሳቀስኩም።

ተረካቢዬ ወደ እኔም ወደ ማትሮኗም አላየችም። የሕፃኑን ግራ እግር በሞቀ ጨርቅ ጠቅልላ ጠበቀች። ከዚያ በመስኮቱ የሚገባውን ፀሐይ አየች፤ ብርሃኑ የባትሪዋን ይውጠዋል። ወደ እናትየው ዞረች።

«የኔ እናት፣ ነጠላሽን እዚህ ጋ ዘርጊልኝ። እንደ ድንኳን። አዎ፣ እንደሱ። አሁን አንቺም ታያለሽ።»

እናትየው እያለቀሰች ነጠላዋን ዘረጋች። ተረካቢዬ በጥላው ውስጥ ባትሪዋን ከእግሩ ሥር አበራች። ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ጥቁሩ ክር ወጣ። ነጠላው በእኔ ዕቅድ ላይ አልነበረም። ዘጠኝ ዓመት ጀርባዬን ለሰው ሰጥቼ ስደበቅ፣ እናቶቹ ሊያግዙን እንደሚችሉ አንድም ቀን አልታሰበኝም።

መርፌዋ ገባች። ደም መጣ። ግሉኮሱ ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ፤ እብጠት የለም። ፕላስተሩን ለጥፋ ጨረሰች። ዞር ስል በሩ ላይ ሰው የለም።

ከሰዓት በኋላ ወረቀቱ ወደ ሰው ኃይል ሲያልፍ አየሁት። ከፊርማቸው በላይ አንድ ቃል ነበር የተጻፈው፦ «ትተካለች።»

ያን ቃል ለማግኘት ስንት ተዋግቻለሁ። ሳነበው ግን ሆድ ባሰኝ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ ትንሽ አለቀስኩ፤ ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ። አልተጸጸትኩም።

የቀረው ሩጫ ነበር። ንብረት ክፍል፣ ፋርማሲ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ሁሉም «በእኛ በኩል የሚፈለግባት የለም» ብለው ፈረሙ። የመጨረሻዋ ፊርማ የማትሮኗ ነበረች። በዚያ ቀን ቁጭ በይ አሉኝ። ደብዳቤዬን ፊታቸው ዘርግተዋል።

«ይቺ የምስጋና መስመር፣ ስለ እኔ የጻፍሻት፣ ከልብሽ ናት?»

«አይደለችም» አልኳቸው። «ለወጉ ነው ያስጻፍኳት።»

ሳቁ። ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«መጀመሪያ ቀንሽ እጄን ለምን ወደ ኋላ እንዳጣመርኩ ታውቂያለሽ?»

«ሊያዩኝ፤ ስወድቅ ሊያዩኝ።»

«እንዳልቀማሽ ነው። አንድ እጄን በሌላው ይዤው ነበር። አንቺ እኮ ያኔ ሁለት ጊዜ ስተሽ በሁለተኛው ሕፃን ነው ያገኘሽው። እኔ እጄን አንድ ቀን ያዝኩት፤ አንቺ ሁለት ሳምንት። ግን ከዚያ በፊት ዘጠኝ ዓመት ቀምተሻቸዋል።»

እኔ የፈጠርኩት የመሰለኝ የኪሴ ሕግ የእሳቸው ነበር። ቢሆንም ሳልናገር አልወጣም አልኩ።

«ሦስቱን ወር ግን ሊይዙኝ ነበር።»

«እይዝሽ ነበር» አሉ፣ እየፈረሙ። «ሕፃናት አሉብኝ።»

እሳቸው ይቅርታ አልጠየቁም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ተነሥቼ መልቀቂያዬን ተቀበልኩና ከበሩ ላይ ዞሬ፣ ደብዳቤው አሁን ቢጻፍ ያን መስመር ከሁሉም በፊት እንደማስቀምጠው ነገርኳቸው። «ሂጂ፣ ምዝገባው ያልፍሻል» አሉኝ።

በጊዜው ተመዘገብኩ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስልኬን ከእጄ አልለየውም ነበር። ክፍል ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ከሜክሲኮ ታክሲ ስይዝ አየዋለሁ። ቅዳሜ አልጮኸም። እሑድ አልጮኸም። ሁለተኛው ሳምንትም እንዲሁ። ደስ ይለኛል እላለሁ፤ ደግሞ ይከፋኛል። በሦስተኛው ሳምንት እሑድ ከሰዓት፣ ታክሲ ስጠብቅ፣ መታገሥ አቃተኝና ራሴ ጨቅላ ክፍሉ ጋ ደወልኩ። ስልኩን ያነሣችው ተረካቢዬ ናት።

«እንዴት ናችሁ? ደህና ናችሁ? ደም ሥር ያስቸገረ ሕፃን ካለ ቅርብ ነኝ፤ አሁን ልምጣ ወይ?» አልኳት በአንድ ትንፋሽ።

ከጀርባዋ የአንዲት ሴት ድምፅ ይሰማል፤ ነጠላዬን እንዲህ ነው የምይዘው፣ ትላለች።

«ሲስተር፣ ሕፃን ይዣለሁ፤ አሁን አይመቸኝም» አለችኝና ስልኩን ዘጋችው።

ስልኩን ይዤ መንገዱ ዳር ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። በሕይወቴ ብዙ ሰው ስልክ ዘግቶብኛል፤ የኮራሁበት ግን ያ ብቻ ነው። ከዚያ ደብተሬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ለሰኞ ፈተና ማጥናት ጀመርኩ።